ከሰሌዳ ፎቶ ወደ ሥራ ዝርዝር፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስብሰባው ያልቃል። አንዱ ተነስቶ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ ያነሳና ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይለቀዋል። ሁሉም አውራ ጣት ይሰጣል። ከዚያ ሳምንት ያልፋል፤ "አዳራሹን ማን ያዘው?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሁሉም እርስ በርስ ይተያያል። እኔ በቢሮአችን ከስብሰባ በኋላ ያቺን ፎቶ ወደ ሥራ ዝርዝር የመቀየሩን ሥራ ለዓመታት ስሠራ ቆይቻለሁ። ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ መልሶቹን እዚህ ጻፍኳቸው።

በአንድ ምሳሌ ነው የምንሄደው። ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ስብሰባ ተደረገ እንበል፣ ጉዳዩ የአንድ ቀን ወርክሾፕ ዝግጅት ነው። ስሞቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ሰሌዳው ላይ ያለው ይሄ ነው፦

ወርክሾፕ 28 (ተከቧል)
አዳራሽ ይታይ → ክፍያ
ፕሮፎርማ 3 ሰላም
ባነር – ዓርብ
ዝርዝር (መ)
ደብዳቤ ይጻፍ 10 ሰዓት
አበል ??
ምሳ 45 (ተሰርዞ) 40

ፎቶው ግሩፑ ላይ አለ አይደል? ሌላ ዝርዝር ለምን ያስፈልጋል?

ሰሌዳ የሚጻፈው ክፍሉ ውስጥ ላሉ ሰዎች ነው። እያወሩ ስለሚጽፉ ግማሹ ነገር በቃል ቀርቶ ግማሹ ብቻ ሰሌዳው ላይ ያርፋል። "አዳራሽ ይታይ" ተብሎ ሲጻፍ ሰላም አንገቷን ነቅንቃ ይሆናል፤ መነቅነቋ ግን ፎቶው ላይ የለም።

የኛ ቋንቋ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ስብሰባ ላይ የምንጽፈው ነገር ሁሉ "ይታይ"፣ "ይጣራ"፣ "ይጻፍ"፣ "ይታሰብበት" ነው። ትሁት ነው፣ አጭር ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። ግን አድራጊ የለውም። "ይጠየቅ" ሲባል ማን ይጠይቅ? "ይጠየቅ" የሚለውን "ዳዊት ይጠይቃል" ወደሚለው ማምጣት ነው ሥራው በሙሉ። የቀረው ሁሉ ለዚህ መንገድ መጥረግ ነው።

ፎቶው ደብዝዟል፣ አይነበብም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ከየት እንዳገኘኸው እይ። ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ቴሌግራም ላይ ከተከፈተ ፎቶ የተወሰደ ስክሪንሾት ነው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል፣ ስክሪንሾቱ ደግሞ ያንኑ ያነሰውን ምስል በስልክህ ስክሪን ልክ እንደገና ይቀዳዋል። ስታጎላው ፊደሎቹ የሚፈርሱት ለዚህ ነው። ፎቶውን ያነሳውን ሰው "ዋናውን እንደ ፋይል ላክልኝ" በለው። እንደ ፋይል ሲላክ መጠኑ አይነካም።

አንሺው አንተ ከሆንክ ፍላሽ አጥፋ፤ ሰሌዳው ብርሃኑን ስለሚመልሰው መሀሉ ላይ ነጭ ክብ ይወጣና ሥሩ ያለው ጽሑፍ ይጠፋል። ከመስኮቱ ነጸብራቅ ለመሸሽ ትንሽ ወደ ጎን ቁም። ሰሌዳው ትልቅ ከሆነ አንድ ጊዜ በሙሉ፣ ከዚያ ቀረብ ብለህ በግራና በቀኝ አንሳ። በሙሉ የተነሳው ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ቀስቶቹ ከየት ወዴት እንደሚሄዱ የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። እና ሰው ሳይወጣ፣ ሰሌዳው ሳይጠፋ ፎቶውን አጉልተህ አንብበው። ያልተነበበ ካለ ጻፊው እዚያው አለ፣ ትጠይቀዋለህ።

ከየት ነው የምጀምረው?

ከመገልበጥ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቃል በቃል፣ ሳታሳምር፣ ሳትተረጉም ጻፈው። የተሰረዘውንም "ተሰርዟል" ብለህ፣ ቀስቱንም "ከአዳራሽ ወደ ክፍያ ቀስት አለ" ብለህ፣ የተከበበውንም እንዲሁ። ያልተነበበልህ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርግና እለፍ።

ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፎቶውን እያየ በቀጥታ ዝርዝሩን ይጽፋል። ችግሩ ጭንቅላታችን ባዶ ቦታ አይወድም፤ ያልተነበበውን በግምት ይሞላውና እኛም ግምት መሆኑን እንረሳዋለን። መጀመሪያ ከተገለበጠ ግን የትኛው ከሰሌዳው እንደመጣ፣ የትኛው አንተ የጨመርከው እንደሆነ በኋላ መለየት ትችላለህ። በኛ ምሳሌ ስምንት መስመር ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስልኬ ከፎቶ ላይ ጽሑፍ ያወጣል። እሱን ብጠቀምስ?

ለታተመ ጽሑፍ ጥሩ ነው። ለእጅ ጽሑፍ፣ ያውም በወፍራም ማርከር ለተጻፈ አማርኛ፣ አትመነው። "ለ" እና "ሰ"፣ "ሰ" እና "ስ" በችኮላ ሲጻፉ ሰውም ይሳሳታል። ቁጥር ላይ 1 እና 7 ይምታታሉ፣ እና የተሳሳተ ቁጥር ከተሳሳተ ፊደል ይብሳል፤ ፊደሉ ስህተት መሆኑ ያስታውቃል፣ ቁጥሩ ግን ትክክል መስሎ ይቀመጣል።

ከዚያም በላይ ቀስት፣ ክብ፣ ስረዛና የማርከር ቀለም አያወጣም። "45" የተሰረዘ መሆኑ ከጠፋ ለ45 ሰው ምሳ ታዛለህ። ከተጠቀምክበትም ከፎቶው ጋር መስመር በመስመር አመሳክረው።

ሰሌዳው ላይ ያለው ሁሉ ሥራ ነው?

አይደለም። የኛን ስምንት መስመር እንያቸው።

"ወርክሾፕ 28" ውሳኔ ነው፤ ማንም አይሠራውም፣ ግን የሌላው ሁሉ ቀን ከእሱ ይቆጠራል። "ምሳ 40" መረጃ ነው፣ የተሳታፊው ቁጥር ከ45 ወደ 40 ወርዷል ማለት ነው። "አበል ??" ጥያቄ ነው። ጥያቄ እንዳለ ዝርዝር ውስጥ ከገባ እንዳለ ይቀራል፣ ስለዚህ መልስ የማምጣት ሥራ ታደርገዋለህ፦ ዳዊት የትራንስፖርት አበሉ ስንት እንደሆነ ከፋይናንስ ጠይቆ ግሩፑ ላይ ይጽፋል። የቀሩት ሥራ ናቸው፣ ወይም ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ።

ውሳኔዎቹን ግን አትጣላቸው። ከዝርዝሩ በላይ በሁለት መስመር አስቀምጣቸው። ክርክር የሚነሳው ብዙ ጊዜ እነሱ ላይ ነው።

"አዳራሽ ይታይ" የሚለውን ወደ ሥራ እንዴት ልቀይረው?

አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ይሄ ሥራ ሲያልቅ በእጄ የምይዘው ወይም በዓይኔ የማየው ምንድን ነው? "አዳራሽ ማየት" አያልቅም፣ ሦስት ወር ሙሉ ማየት ይቻላል። "ፕሮፎርማ 3 ሰላም" የሚለው ቀጣዩ መስመር ግን መልሱን ይዞታል። ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው፦ ሰላም ከሦስት አዳራሾች ለ40 ሰው፣ ምሳና የሻይ ዕረፍት ያካተተ ፕሮፎርማ አምጥታ ግሩፑ ላይ ትለጥፋለች።

ቀስቱ ደግሞ ሁለተኛ ሥራ አለ ይላል። ክፍያው አዳራሹ ሳይመረጥ አይጀመርም። ስለዚህ ከሰሌዳው ሁለት መስመር ሦስት ሥራ ወጣ፦ ፕሮፎርማ ማምጣት፣ አንዱን መምረጥ፣ ክፍያ ማጽደቅ። የመሀለኛው ሰሌዳው ላይ በጭራሽ አልተጻፈም። እንዲህ ያለው ያልተጻፈ ሥራ ነው ሁሌ የሚያዘገየን፤ ፕሮፎርማው መጥቶ ማን እንደሚመርጥ ስለማይታወቅ ሦስት ቀን ይተኛል።

አንተ የጨመርከው ሥራ ካለ አጠገቡ "ሰሌዳው ላይ የለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት" ብለህ ጻፍ። ሰው ያርምሃል።

ስም የሌለው፣ ወይም አንድ ፊደል ብቻ ያለውስ?

"ዝርዝር (መ)" ቢሮው ውስጥ መሠረትም መልካሙም ካሉ ምንም አይነግርህም። የማርከሩ ቀለም ወይም የእጅ ጽሑፉ ፍንጭ ሊሰጥህ ይችላል፣ ግን ፍንጭ ነው። ጠይቅ። ስትጠይቅ ግሩፑ ላይ "የተጋባዦቹን ዝርዝር ማን ነበር የወሰደው?" አትበል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁሉም ያየውና ሁሉም ሌላው ይመልሳል ብሎ ያልፈዋል። ለመሠረት በግል ጻፍላት፦ "መሲ፣ የተጋባዦቹን ዝርዝር አንቺ ነሽ የያዝሽው ወይስ መልካሙ?" መልሱ በሁለት ደቂቃ ይመጣል።

ሌላው "ሁላችንም"፣ "ፋይናንስ"፣ "ሰላም እና ዳዊት" የሚባለው ነው። ባለቤት አንድ ሰው ነው። ሁለት ሰው አብሮ የሚሠራው ከሆነ አንዱን ባለቤት፣ ሌላውን አጋዥ ብለህ ጻፍ። ባለቤት ማለት ሁሉን ብቻውን የሚሠራ ማለት አይደለም፣ "የት ደረሰ?" ሲባል የሚመልሰው ሰው ማለት ነው። ይሄን ለሰዎች ስትነግራቸው ስማቸው መጻፉን አይፈሩም።

በስብሰባው ያልነበረ ሰው ላይ ሥራ አትጫን። ባልነበርኩበት ስሜ ተጽፎ ያገኘሁበት ጊዜ አለ፣ ዝርዝሩን ያየሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር። ደውልለት፣ እሺ ካለ በኋላ ስሙን አስገባ።

ኃላፊን ወይም ትልቅ ሰውን ባለቤት አድርጎ መጻፍ አያሳፍርም?

ይሄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ፋይናንስ ላይ ያሉት ወ/ሮ አስቴር በዕድሜም በሥልጣንም ይበልጡናል፣ "አስቴር – ክፍያ – ሰኞ" ብሎ መጻፍ ነውር ይመስላል። ግን ስማቸውን መተው ደግሞ ሥራውን ባለቤት አልባ ያደርገዋል።

እኔ የማደርገው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ማቅረቡ የኛ ሰው ነው፣ ማጽደቁ የእሳቸው፦ "ሰላም የክፍያ መጠየቂያውን ሐሙስ ለወ/ሮ አስቴር ታቀርባለች። ወ/ሮ አስቴር እስከ ሰኞ ያጸድቁልናል።" በአንቱታ ይጻፋል፣ ቀኑ ግን አይቀርም። ግሩፑ ላይ ከመለጠፌ በፊትም ሄጄ "ሰኞ ይመችዎታል?" ብዬ እጠይቃለሁ። እስካሁን የተቆጡኝ የሉም። ሰው የሚከፋው ሳይጠየቅ ቀን ሲቆረጥበት ነው።

ቀኑን እንዴት ላስቀምጥ? ሰሌዳው ላይ "28" ብቻ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ቆም በል፣ ከሁሉም የከፋው ስህተት ያለው እዚህ ነው። 28 የቱ? ኅዳር 28 ነው ወይስ ኖቬምበር 28? በ2018 ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 ላይ ስለዋለ በሁለቱ መሀል ዘጠኝ ቀን አለ። በፊት በሠራሁበት ቦታ አዳራሹ በኛ አቆጣጠር ተይዞ ግብዣው በፈረንጅ ወጣ፤ ተሳታፊዎቹ ከክፍለ ሀገር መጥተው የተዘጋ በር ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ብቻውን ዝርዝር ውስጥ አላስገባም።

ማጣሪያው የሳምንቱ ቀን ነው። ኖቬምበር 28 ዓርብ ነው፣ በኛ ኅዳር 19። ኅዳር 28 ደግሞ እሑድ ይውላል። እሑድ ወርክሾፕ ይደረጋል? ለኛ ቢሮ አይደረግም፣ ስለዚህ 28ቱ የፈረንጅ ሳይሆን አይቀርም። ይሄም ቢሆን ግምት ነውና ቀኑን ለወሰነው ሰው ደውለህ አረጋግጥ። ከዚያ ሁልጊዜ ሦስቱንም ጻፍ፦ ዓርብ ኅዳር 19፣ ኖቬምበር 28። አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ ያጋልጡታል። ጎግል ካሌንደር ላይ ስታስገባም የፈረንጁን ቀን ስለሚፈልግ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅሃል።

የዝግጅቱ ቀን ከታወቀ ሌላው ወደ ኋላ ይቆጠራል። ባነሩን እንውሰድ። ሰሌዳው "ባነር – ዓርብ" ይላል። ዓርብ ምኑ? ባነሩ ታትሞ እጃችን የሚገባበት ነው ወይስ ጽሑፉ ለዲዛይነሩ የሚሰጥበት? ባነሩ ረቡዕ ኅዳር 17 እጃችን ይግባ ካልን፣ ማተሚያ ቤቱ ሁለት ቀን ከፈለገ፣ ዲዛይኑ ሰኞ ኅዳር 15 ጠዋት መጽደቅ አለበት። ስለዚህ ዓርብ ማለት ጽሑፉ የሚያልቅበት ነው። ግን ይቺ ዓርብ ኅዳር 12 ናት፣ የኅዳር ሚካኤል። ሥራ ዝግ አይደለም፣ ሆኖም ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚውለው ብዙ ነው። ወደ ሐሙስ ኅዳር 11 ማምጣቱ ይሻላል፣ ለባለቤቱም ለምን እንደተቀየረ ትነግረዋለህ።

እግረ መንገድህን ካሌንደሩን ስታይ ሌላም ነገር ታገኛለህ። ኅዳር 19 ዓርብ ነው፣ የነቢያት ጾምም ገብቷል። ሰላም ፕሮፎርማ ስትጠይቅ የጾም ምሳ መኖሩን አብራ መጠየቅ አለባት። ሰሌዳው ላይ ማንም አልጻፈውም።

"በቶሎ" እና "በሚቀጥለው ሳምንት" ቀን አይደሉም። ባለቤቱን "ለየትኛው ቀን ትደርሳለህ?" ብለህ ጠይቅና የሰጠህን ጻፍ። ራሱ የሰጠውን ቀን ሰው ያከብራል።

"10 ሰዓት" ብቻ ከተጻፈስ?

ሁላችንም አዲስ አበባ ከሆንን 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ማንም አይሳሳትም። ነገር ግን አንድ ሰው ከናይሮቢ በዙም ከገባ ለእሱ 10 ሰዓት ከረፋዱ ነው፣ የኛ 4 ሰዓት። የሰዓት ክልላችን አንድ ስለሆነ ስልኩም አያስተካክልለትም፤ ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው። "ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ በፈረንጅ 16:00" ብለህ ጻፍ። ረዘም ይላል፣ ይርዘም።

በመጨረሻ ግሩፑ ላይ የሚወጣው ምን ይመስላል?

ይሄን ይመስላል፦

ውሳኔ፦ ወርክሾፑ ዓርብ ኅዳር 19 (ኖቬምበር 28)። ተሳታፊ 40።

1. ዳዊት – የግብዣ ደብዳቤውን ጽፎ፣ አስፈርሞና ማህተም አስመትቶ ያመጣል – ማክሰኞ ኅዳር 9 (ኖቬምበር 18)፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ በፈረንጅ 16:00
2. መሠረት – የ40ውን ተጋባዦች ስምና ስልክ ለዳዊት ትልካለች – ማክሰኞ ኅዳር 9 (ኖቬምበር 18)
3. ሰላም – የጾም ምሳ ያለበት 3 የአዳራሽ ፕሮፎርማ ትለጥፋለች – ረቡዕ ኅዳር 10 (ኖቬምበር 19)
4. ዳዊት – የአበሉን መጠን ጠይቆ ግሩፑ ላይ ይጽፋል – ረቡዕ ኅዳር 10 (ኖቬምበር 19)
5. መልካሙ – የባነሩን ጽሑፍ ለዲዛይነሩ ይሰጣል – ሐሙስ ኅዳር 11 (ኖቬምበር 20)
6. ሰላም – ከሥራ አስኪያጁ ጋር አዳራሹን መርጣ የክፍያ መጠየቂያውን ታቀርባለች – ሐሙስ ኅዳር 11 (ኖቬምበር 20)። ምርጫው ሰሌዳው ላይ የለም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት
7. ወ/ሮ አስቴር – ክፍያውን ያጸድቁልናል – ሰኞ ኅዳር 15 (ኖቬምበር 24)

ያልተረጋገጠ፦ ባነሩን ከማተሚያ ቤት የሚያመጣው ማን ነው?

"ያልተረጋገጠ" የምትለዋን መስመር አትፍራት። እርግጠኛ ያልሆንክበትን እርግጠኛ አስመስለህ ከምትጽፍ እዚያ ብታስቀምጠው ይሻላል። ደግሞም ተመልከት፣ ሁለት ሥራ ዳዊት ላይ ተከመረ። ሰሌዳው ላይ ይሄ አይታይም፣ ዝርዝር ሲሆን ነው የሚታየው። ዳዊት ከበዛበት ያን ጊዜ ይናገራል።

የለጠፍከውን ከግሩፑ አናት ላይ ፒን አድርገው፣ ካልሆነ በቀልድና በእንኳን አደረሳችሁ መሀል ይሰምጣል።

ሰዎች አውራ ጣት ብቻ ሰጥተው ዝም ቢሉስ?

አውራ ጣት "አየሁት" ነው እንጂ "እሠራዋለሁ" አይደለም። ስም በስም መጥቀስ ይረዳል፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ጽፎ እንዲመልስ ጠይቅ፦ "1 እና 4 እሺ"። አጭር ስለሆነ ሰው አይሰለችም። እስከ ማግስቱ ጠዋት ያልመለሰ ካለ ደውል። ዳዊትና መሠረት ቀናቸው ማግስቱ ስለሆነ እነሱን የዚያኑ ዕለት ማታ ነው የምትደውልላቸው።

ዝርዝሩም በስብሰባው ቀን መውጣት አለበት። ሁለት ቀን ካደረ "10 ሰዓት" ለደብዳቤው ይሁን ለቀጣዩ ስብሰባ የሚያስታውስ አይገኝም፣ አንተም ጭምር።

ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ፎቶውን ላጥፋው?

ወርክሾፑ እስኪያልፍ አቆየው። አንድ ሰው "እኔ 45 ነው ያልኩት" ካለ ስረዛውን የምታሳየው ከፎቶው ነው። ነገር ግን ፎቶውን ከቢሮ ውጭ ላለ ሰው፣ ለምሳሌ ለማተሚያ ቤቱ ወይም ለአዳራሹ፣ ከመላክህ በፊት ጥጉን እይ። ካለፈው ስብሰባ ያልጠፋ የደመወዝ ቁጥር ወይም የሰው ስልክ ሰሌዳው ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቆርጠህ የሚመለከታቸውን ክፍል ብቻ ላክ።